ሃሊማ ብዛቱን የተናገረች ዕለት

ቡታጅራ በርበሬ ተራ ገብቶ ሃሊማ ከማሉ የት አለች ብሎ ለጠየቀ ሰው ጣት አይቀሰርለትም። አፍንጫህን ተከተል ነው የሚባለው። የእሷ በርበሬ የተፈጨ ቀን የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት በሙሉ ያስነጥሳል፣ እያስነጠሰም ያመሰግናል።

እኔ አዛለች እባላለሁ። ከእሷ አጠገብ ሽሮ እሸጣለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ለአስተማሪነት ሲመደብ ከጎጃም ይዞኝ መጣ፤ እሱ ሲሄድ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። የገበያችን ሴቶች ማኅበር ስለ ሃሊማ አንድ ነገር ተጽፎ ይቀመጥ ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከበሶ ሻጯ ከዘነበወርቅ ትሻላለች ብለው ይሆናል፤ ዘነበወርቅ መጻፍ የምትችለው ስሟን ብቻ ነው፣ እሱም ይረዝምባታል።

እንግዲህ ሃሊማ እንዲህ ናት። በርበሬውን ከማረቆና ከመስቃን ገበሬዎች እየመረጠች ትገዛለች። አንድ በአንድ አገላብጣ ነው የምታየው። እርጥብ ያለበት እንደሆነ እጇን ከከረጢቱ ሳታወጣ በጣቷ ታውቀዋለች። ከዚያ መቀንጠስ፣ ማድረቅ፣ ከዝንጅብሉ ከነጭ ሽንኩርቱ ከበሶብላው ጋር መደለዝ፣ እንደገና ማድረቅ፣ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ጨምሮ ማስፈጨት ነው። ሥራውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንደ እሷ ግን አይወጣልንም። ጠይቀናታል። ምንም አልደበቅኩም ትላለች፣ እውነቷንም ነው፣ አልደበቀችም።

ይህን ሁሉ ደክማ ግን በጆንያ ነበር የምትሸጠው። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ እየመጣ ይጭናል፣ ሃሊማም ሌላ ትፈጫለች። ኑሮ ነው ብላ ኖረች። ታዲያ አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባች። መደርደሪያው ላይ ቆሞ የሚቀመጥ፣ ከላይ ዚፕ ያለው፣ ከፊት መስኮት የመሰለ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ያለው የበርበሬ ማሸጊያ አየች። አንስታ አሸተተችው። የራሷ በርበሬ ነው። ላዩ ላይ ያለው ስም ግን የነጋዴው ነው።

ስትመለስ ስትነግረን አልተናደደችም፤ ነገሩ ገርሟት ነበር። ልጄን ሰው ቤት አግኝቼው በሌላ ስም ሲጠሩት እንደ መስማት ነው አለች። ለባለሱቁም ነግራው ነበር። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፣ አላባረራትም። ይሄ የአንቺ ከሆነ ከአንቺው እወስዳለሁ፣ ግን በዚህ ዓይነት ማሸጊያ አድርገሽ፣ ስምሽን ጽፈሽበት አምጪ፤ በፌስታል ቋጥረሽ ብታመጪልኝ ማንም አያነሳውም አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃሊማ ሌላ ወሬ የላትም። ከረጢት፣ ከረጢት፣ ከረጢት። መርካቶ ፈለገች፤ ያገኘችው ወይ ስስ ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ስም ታትሞበት የተረፈ ነው። መርካቶ ውስጥ ከድሮ የሚባል ወንድም አላት። ከቻይና ባልዲና ፔርሙስ ያስመጣል። እሱ ነው መንገዱን ያሳያት። ፋብሪካዎቹ ኢሜይል አላቸው፣ ራስሽ ጻፊላቸው አላት። ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ትንሹ የሚሸጡት ብዛት ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ከተስማማሽ እቃውን እዚያው ቻይና ጓንዡ ከተማ የኔ እቃ የሚሰበሰብበት መጋዘን ያድርሱት፣ ከኔ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ይመጣል፤ ባንኩንና ጉምሩኩን በኔ ፈቃድ እጨርሳለሁ፣ አንቺ ለኔ በብር ትከፍያለሽ አላት። ስለ ከረጢት ግን እኔን አትጠይቂኝ፣ እኔ የማውቀው ባልዲ ነው አለ። የአራት ፋብሪካዎች አድራሻም ሰጣት።

ኢሜይል የሚጽፍላት ጀማሉ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ኢንተርኔት ቤት አለው፤ እንግሊዝኛውም ደህና ነው። እኔን አብረሽኝ ነይ አለችኝ። ምን አደርጋለሁ ብላት፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ዝም ስትዪ ደስ ትይኛለሽ አለች። ሄድን። ስንደርስ አባባ ሸምሶ ከኋላችን አሉ።

አባባ ሸምሶን ማሳወቅ አለብኝ። ከኛ ፊት ለፊት ገመድና ጨው የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ በወጣትነታቸው ከቡታጅራ በርበሬ በአህያ ጭነው መርካቶ ይወርዱ ነበር፣ ሲመለሱ ጨርቅና ሻማ ከአረቦቹ መደብር ይዘው ይመጣሉ። ስለ ንግድ የሚያውቁትን ሁሉ ያን ጊዜ ነው ያወቁት፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ነገር የለም ይላሉ። እሳቸው ካልመረቁት ገበያችን ውስጥ ማንም ትልቅ ግዢ አይገዛም። ሕጋቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ብዛት አይነገርም።

«ጥቂት ካልሽ ሻጩ ይንቅሻል። ብዙ ካልሽ ዋጋ ይሰቅልብሻል። አፍሽን ይዘሽ ዋጋውን አስቀድመሽ አስጠሪው» አሏት።

እሳቸው ጨርቅ ፈልገው ሲገቡ የስኳር ዋጋ ጠይቀው ይወጡ እንደነበር፣ ተመልሰው ገብተው የሻማ ይጠይቁ እንደነበር፣ በሦስተኛው ጨርቁን እንደ ቀልድ ነካ አድርገው ይሄስ ይሉ እንደነበር ነገሩን። ከዚህ በፊትም ሰምተነዋል። ሃሊማ ግን እንደ አዲስ ነው የሰማችው፣ ራሷን እየነቀነቀች። እሷም ገበያ ውስጥ ያደገች ናት፤ ነገሩ ልክ መሰላት። እውነት ለመናገር ለኔም መሰለኝ።

ጀማሉ ጠየቃት። ከረጢቱ ምን ያህል ይይዛል፣ ከምን የተሠራ ይሁን፣ ጽሑፍ ይታተምበታል ወይ፣ ስንት ትፈልጊያለሽ እትዬ ሃሊማ አላት። ሃሊማ አባባ ሸምሶን አየች። አባባ ሸምሶ ጣራውን አዩ። ምንም አትጻፍ፣ ዋጋና ትንሹን ብዛት ብቻ ጠይቅ አለችው። ጀማሉ እንዲህ ከሆነማ የሚመልስልን አይኖርም ብሎ ፈራ። እንዳይንቁን ብሎም ከራሱ አንድ ነገር ጨመረበት፤ እኛ ትልቅ የንግድ ድርጅት ነን አለ። ለአራቱም ላከው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንድ ቀን ኔትወርክ የለም፣ አንዳንድ ቀን መብራት የለም፣ ሁለቱም ያሉ ቀን ደግሞ መልስ የለም። ሃሊማ ከገበያ ወደ መናኸሪያ ስትመላለስ ታክሲ ረዳቶቹ ሳይቀሩ ቻይና ምን አለች ይሏት ጀመር። እሷም ሰላምታ አቅርባለች እያለች ታልፋለች። ሦስቱ ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ አልመለሱም። ከአራተኛው ግን ሊን የምትባል ሴት መለሰች። ጀማሉ እያነበበ ተረጎመልን። ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን፤ ዋጋ ለመስጠት የከረጢቱን ቁመትና ስፋት፣ ውፍረቱን፣ የሚገባበትን ነገር፣ ኅትመት መኖር አለመኖሩን፣ ብዛቱንም አሳውቁን ትላለች።

አባባ ሸምሶ ጭናቸውን መቱ። አየሽ፣ ልታስለፈልፍሽ ነው፣ ይቺ ነጋዴ ናት አሉ። ሃሊማም ደስ አላት፤ ተከራካሪ ገበያተኛ ያገኘች መሰላት። መጀመሪያ አንቺ ዋጋሽን ተናገሪ፣ ከዚያ እኔ ብዛቱን እነግርሻለሁ በላት አለችው። ጀማሉ አንገቱን እያከከ ጻፈ።

መልሱ ቶሎ መጣ። ድርጅታችሁ ትልቅ ስለሆነ፣ በስማችሁ የታተመና በራሳችሁ መጠን የተሠራ ትፈልጋላችሁ ብዬ ገምቻለሁ ትላለች። እንዲህ ላለው ትንሹ ብዛት ለአንድ ዓይነት ኅትመት ሠላሳ ሺህ ነው፤ ስማችሁ ለሚቀረጽበት ማተሚያ ሲሊንደር ደግሞ ለብቻው ይከፈላል።

ጀማሉ ቁጥሩን እንደገና አየው፤ አልቀነሰም።

ሃሊማ ወጥታ ደጁ ላይ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ተከትዬ ወጣሁ። ሠላሳ ሺህ ከረጢት የልጅ ልጆቼም ሞልተው አይጨርሱትም አለች። እንዲያው ስንት በርበሬ ቢፈጭ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ግን አልወረደም። የኔ በርበሬ በሰው ስም ሊኖር ነው ማለት ነው አለችኝ። ዝም ስትዪ ደስ ትይኛለሽ ስላለችኝ ዝም አልኩ።

ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አዙ፣ እኔ ገበያተኛ ሲመጣ እኮ አያለሁ። ዘንቢሉን አያለሁ፣ ጫማውን አያለሁ፣ ምን ያህል እንደሚገዛ ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ይቺ ሴት ምኔን አየች? ካልነገርኳት ምኔን ታውቃለች?»

አባባ ሸምሶ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ።

«አረቡ መደብር በር ላይ አህዮቼን አስሬ ነበር የምገባው።»

ለካ ባለመደብሩ ቁጭ ብሎ አህዮቹን ይቆጥር ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የስኳር ዋጋ፣ የሻማ ዋጋ ሲሉ፣ ሰውዬው ስንት ጭነት እንደሚይዙ ገና ሳይገቡ ያውቅ ነበር። አባባ ሸምሶ ይሄን ያወቁት ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ ከፋቸው፤ ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ፣ ሳል እስኪሆንባቸው ሳቁ። ሃሊማም ሳቀች። እኔም። ጀማሉ ምን ሆናችሁ ብሎ ወጣ፤ ሃሊማ ተመለስና ሌላ ጻፍልኝ ነው ያለችው።

ሦስተኛውን ኢሜይል እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምክንያቱም ሃሊማ እየተናገረች ጀማሉ አንድም ሳይጨምር ነው የጻፈው። ትልቅ ድርጅት አይደለንም፤ እኔ ቡታጅራ በምትባል ከተማ በርበሬ አስፈጭቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ግማሽ ኪሎ በርበሬ የሚይዝ፣ ቆሞ የሚቀመጥ፣ ዚፕ ያለው፣ ሽታ የማያስወጣ፣ ለምግብ የሚሆን ከረጢት እፈልጋለሁ። ሳይታተም ይሁን፤ ስሜን በወረቀት አሳትሜ ራሴ እለጥፍበታለሁ። ለጊዜው የምችለው አንድ ሺህ ነው። እንዲህ ላለው ትንሹ ብዛታችሁ ስንት ነው? የአንዱ ዋጋስ ጓንዡ መጋዘን ድረስ ስታደርሱት ስንት ነው? ናሙናስ ትልካላችሁ? ከዚህ በላይ የለም። የመጨረሻዋን ስትናገር ሃሊማ ራቁቷን ገበያ የቆመች ያህል አፍራ ነበር።

ሊን በማግሥቱ መለሰች። አሁን ገባኝ ትላለች። ተዘጋጅተው መጋዘን የተቀመጡ፣ ያልታተሙ ከረጢቶች አሉን፤ ለበርበሬ ከነሱ ወፈር ያለው ይሻልሻል፤ ትንሹ ብዛት ለአንድ መጠን አምስት ሺህ ነው አለች። ዋጋውን በአሜሪካ ሳንቲም ጻፈች፣ መጋዘን ማድረሻውን ጨምራ። ዋጋው የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ናሙናው በነፃ ነው፣ የመላኪያው ሒሳብ ግን የገዢ ነው።

ከሠላሳ ሺህ ወደ አምስት ሺህ። ጀማሉ ጨበጣት። ግን አምስት ሺህም አንድ ሺህ አይደለም። ሃሊማ የያዘችው ለአንድ ሺህ የሚሆን ነው፤ ብትበደር እንኳ አራቱ ሺህ ቤቷ ተከምሮ አይጥ ነው የሚበላው።

እዚህ ላይ ነው አሚኔ የገባችው። አሚኔ ቡላ ሻጭ ናት፣ ከአገና የመጣች፣ ሲናገሩ አቋርጣ የምትገባ። ገበያ ላይ ሃሊማ ስታወራ ሰምታ፣ ምን ያስጨንቃችኋል፣ ውጆ አይደል እንዴ አለች። ውጆ እንግዲህ የጉራጌ ሴቶች የሚያደርጉት ነው። የአንዷ ላም ወተት ለብቻው ቢናጥ ቅቤው ለገበያ አይበቃም፤ ስለዚህ ሁሉም እያዋጡ በተራ አንዷ ትወስዳለች። እኔ እንኳ ከሌላ አገር መጥቼ ውጆ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ላም ሳይኖረኝ ገዝቼ እያዋጣሁ። አሚኔ ያለችው ቅቤው ከረጢት ይሁን ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡላ፣ በሶ፤ ሁሉም ከረጢት ይፈልጋል። አምስት ሴቶች አንድ አንድ ሺህ።

አምስቱ ሃሊማ፣ አሚኔ፣ ቅመም የምትሸጠው ኡሚ፣ በሶ የምትሸጠው ዘነበወርቅና እኔ ሆንን። እኔ መጀመሪያ አልችልም ብያለሁ። ሃሊማ ሽሮሽ ያፍራል እንዴ ብላ ዘጋችኝ።

ግን አምስት ሺህ የተባለው ለአንድ መጠን ነው። ሁለት መጠን ካልን ሁለት ጊዜ አምስት ሺህ ነው። ስለዚህ አንድ መጠን ላይ መስማማት አለብን። ናሙናው በከድሮ በኩል ሲመጣ ሃሊማ ቤት ተሰብስበን ሞላን። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ልክ ሆነ፣ ዚፑም ተዘጋ። ሽሮ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ገባ። ቡላ ወደ ታች ረግቶ ቦታ ተረፈው፤ አሚኔ ይሄ እኮ የጎደለ ይመስላል ብላ ተቆጣች። የዘነበወርቅ በሶ ግን ቀላል ነገር ስለሆነ ግማሽ ኪሎው ከአፉ ፈሰሰ። ዘነበወርቅ ትልቁን እንዘዝ አለች። ኡሚ ደግሞ እኔ ኮረሪማ በግማሽ ኪሎ ማን ይገዛኛል፣ ትንሹን እንዘዝ አለች። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ትልቁ፣ ትንሹ። በሩ ላይ ጎረቤት ተሰበሰበ። አሚኔ ዘነበወርቅን በሶሽም እንደ ስምሽ ከልኩ በላይ ነው አለቻት። በመጨረሻ ሃሊማ ኪሎውን ተዉት፣ ከረጢቱ አንድ ይሁን፣ እያንዳንዷ የምትሞላውን ያህል ሚዛን በምትለጥፈው ወረቀት ላይ ትጻፍ ስትል ነገሩ በረደ። ዘነበወርቅ በሶዋን አሳነሰች፣ አሚኔ ቡላዋን ጨመረች፣ ኡሚም ቅመሟን ደባልቃ ልትሸጥ ተስማማች።

ከናሙናው አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም ነበር። ሃሊማ ሁለቱንም በበርበሬ ሞልታ ስሱን ከባሏ ከሸረፋ ጋቢ ጋር ሳጥን ውስጥ፣ ወፍራሙን ከራሷ ልብስ ጋር ሌላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሰነባብቶ ሸረፋ ጋቢውን ለብሶ መስጊድ ሄደ። እያስነጠሰ ሄዶ እያስነጠሰ ተመለሰ፤ አብረውት የቆሙትም እንደዚያው። የእሷ ልብስ ምንም አልሸተተም። ወፍራሙ ይሁን ተባለ።

የመጨረሻው ኢሜይል ላይ ሃሊማ ገበያተኛነቷ መጣባት። ዋጋ ቀንሺ ብላ ለመነች፤ ሊን ጥቂት ቀነሰችላት። ከዚያ ምርቃት ጨምሪልኝ በላት አለች ጀማሉን። ጀማሉ ምርቃትን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚለው ብዙ አሰበና፣ እኛ አገር ሻጭ ደስ ብሎት ከላይ ጣል የሚያደርጋት ነገር ናት ብሎ ጻፈው። ሊን፣ የተበላሸ ቢኖር መተኪያ ይሆናችኋል፣ ደስ ብሎኝ መቶ ጣል አድርጌያለሁ ብላ መለሰች። ከድሮ ቅድሚያ ክፍያውን ላከ፣ ቀሪውን እቃው ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ከፈለ። ከዚያ ባሕር፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ መርካቶ። ጠበቅን። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ አልዋሽም።

ከረጢቱ የመጣው ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አይሱዙ፣ ከባልዲዎች መሃል። ካርቶኑን ስንከፍት ባዶ ከረጢት ነው እንግዲህ፣ ግን ሁላችንም እጃችንን ታጠብን። ወረቀቱን ከተማችን ያለው ማተሚያ ቤት አትሞልን ነበር፤ «የሃሊማ በርበሬ፣ ቡታጅራ» ይላል። የመጀመሪያውን ሃሊማ ራሷ ለጠፈችው። ጠመም አለ። ነቅላ ልታስተካክል ስትል ተይው አልኳት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ የተናገርኩት ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ይመስለኛል። ተወችው። ያቺ ጠማማዋ እስከ ዛሬ ሱቋ መደርደሪያ ላይ አለች፣ አትሸጥም።

ቀሪ ድርሻዋን በርበሬ ሞልታ ለአዲስ አበባው ባለሱቅ ወሰደች። ሲመለከተው ዚፑን ከፍቶ አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ መደርደሪያው ላይ ቦታ አስለቀቀላት። የነጋዴው ማሸጊያ አጠገቡ ነው። ሃሊማ የራሷን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ አድርጋ አስቀመጠችው።

አሁን ሁለተኛው ትእዛዝ ተልኳል። የሰማ ሁሉ ውጆው ውስጥ ልግባ ይላል። ባለፈው አባባ ሸምሶ ከገመዳቸው ተነስተው ወደ ሃሊማ መጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለመሆኑ ዘንድሮ ስንት አዘዛችሁ አሏት።

ሃሊማ በርበሬዋን እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል መለሰችላቸው።

«አባባ፣ ብዛት አይነገርም። ደጅ ወጥተው አህዮቼን ይቁጠሩ።»